የጾም ዱቄት

እህቴን የገደላት ዱቄቱ አይደለም። ይህን መጀመሪያ ልጻፈው። ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ «ዱቄቱ ገደላት» ብዬ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። እንዲያ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ጥፋቱ የዱቄት ጣሳ ይሆን ነበር። ግን እውነት አይደለም። ወይም እውነት መሆኑን የሚያውቅ ሰው የለም። እኔ የማውቀውን ብቻ እጽፋለሁ። የማውቀው ደግሞ ያናድደኛል።

ኮምቦልቻ ነበርን። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ደሴ ካለው ከእናታችን ቤት ወርጄ እህቴ ጋር መኖር ጀመርኩ። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ወሩን ሙሉ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ወንድ ይኑር ተብሎ ነው የሄድኩት። በርና መስኮት የሚሠራ ቤት ገብቼ ብየዳ ለመድኩ።

በሠፈራችን ጂም ተከፈተ። ጂም ይባል እንጂ የቆርቆሮ ቤት ነው። ክብደቶቹን የበየድኩት እኔ ነኝ። የተጣለ የመኪና ጥርስ፣ የተቆረጠ አክስል፣ ሲሚንቶ የተሞላ የዘይት ጣሳ። ስፖርት የሚያሠራንን ሰው ሁላችንም ኮች እንለው ነበር። ደረቱ ሰፊ፣ አፉም ሰፊ። የማያውቀው ነገር የለም። አንድ ነገር ጠይቀነው «አላውቅም» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ያኔ ይህ ትልቅ ሰው አስመስሎት ነበር።

እህቴ አረገዘች። ሁለተኛዋ ነው። የመጀመሪያው በአምስተኛው ወር ጨንግፎባታል። ስለዚህ ተሳለች። «ይህን በሰላም ካሳየኸኝ ሁዳዴን አንዲት ቀን ሳላጎድል እጾማለሁ» አለች። ሁዳዴ ሲገባ ሆዷ ስድስት ወር ሊሆነው ነበር። ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት እንድትበላ ነግራታለች። የንስሐ አባታችን ከኩታበር መጥተው ደሴ የሚያገለግሉ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ እሳቸውም «ነፍሰ ጡር ነሽ፣ ጾሙን ፈትቼልሻለሁ» ብለዋታል። እሷ ግን እንቢ አለች።

«የተሳልኩት እኔ፣ የሚፈቱልኝ እርስዎ!» አለቻቸው። ቄሱ ሳቁ።

እኔ ብልህ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ኮች ጂም ውስጥ ነጭ ዱቄት ይሸጣል፤ ክሬቲን ይባላል። ከትልቅ ጣሳ በማንኪያ እየቀዳ በትንንሽ ፌስታል ቋጥሮ ነው የሚሸጠው። አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«ኮች፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው?»

«ሥጋ ውስጥ ያለው ጉልበት ነው። ሥጋ የማይበላ ሰው ጡንቻው ውስጥ ያንሰዋል።»

«ከከብት ነው የሚያወጡት?»

«የምን ከብት! ፋብሪካ ነው የሚሠራው። እንኳን አንተ፣ መነኩሴ ይወስደዋል።»

አየህ፣ መልሱ ከሰማይ የወረደ መሰለኝ። ሥጋ ያልሆነ የሥጋ ጉልበት። ስእለቷን ሳታፈርስ የሥጋውን ታገኛለች። «ለእርጉዝስ?» አልኩት። ስልኩን አወጣ። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነበር፤ ርእሱ ብቻ ተከፈተ። «ይኸው፣ ጥናት አለ። ልጁ ሲወለድ ትንፋሽ ቢያጥረው አንጎሉን ይጠብቅለታል ይላል።» ከርእሱ በታች ያለው አልተከፈተም። በማን ላይ እንደተጠና አልጠየቅሁም። ፌስታሉን በኪሴ ይዤ ሄድኩ።

እህቴ ግን ከእኔ ይልቅ ጠንቃቃ ነበረች። ዱቄቱን ይዛ ደሴ ቄሱ ዘንድ ወጣች። አሸተቱት፣ በጣታቸው ነኩት። «ከእንስሳ ካልሆነ ጾም ነው፤ ለነፍሰ ጡር ይሁን አይሁን ግን የእኔ ሥራ አይደለም፣ ሐኪም ጠይቂ» አሏት። ይህን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ነገረችኝ።

«ሐኪሙን እኔ እጠይቅልሻለሁ» አልኳት።

የጠየቅሁት ኮችን ነው። ያውም ዳግመኛ። እሱም ዳግመኛ አዎ አለኝ። ቤት ገብቼ «ጠይቄያለሁ፣ ችግር የለውም» አልኳት። እህቴ አመነችኝ። አመነችኝ።

በየቀኑ አንድ የሻይ ማንኪያ በአብሽ ውሃ እያማሰልኩ ሰጠኋት። ዱቄቱ ጣዕም የለውም፤ ከሥር እንደ አሸዋ ይቀራል። እሷ ትስቅብኝ ነበር።

«አንተ ጡንቻ፣ ልጄ ዘይት ጣሳ እያነሳ ሊወለድ ነው እኮ።»

«ይሻላል፣ እኔን ይረዳኛል።»

«አንተን የሚረዳህ እግዚአብሔር ብቻ ነው!»

አምስት ሳምንት ያህል ወሰደች። ከዚያ ፊቷ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጧት ጧት ዓይኗ ሥር ነበር። ቀጥሎ ጣቶቿ፤ የጋብቻ ቀለበቷ አልወጣ አለ፣ በሳሙና አወጣነው። ያኔ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ለአምስት ተደራጅተው ነበር። የጤና ኤክስቴንሽኗ ሰብስባ ታስተምራቸዋለች። እህቴ ከዚያ ስብሰባ ቀርታ አታውቅም።

«ፊትና እጅ ካበጠ፣ ራስ ካመመ፣ ዓይን ካደናገረ ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ ብላናለች» አለችኝ።

እኔም መለስኩላት። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ መርሳት እፈልጋለሁ፣ አልቻልኩም።

«እሱ ዱቄቱን ለማይወስዱት ነው። ክሬቲን ውሃ ይይዛል። ጂም ውስጥ ሁላችንም እናብጣለን። ውሃ ነው፣ ይወርዳል።»

ጂም ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ዱቄቱን የጀመረ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሁለት ኪሎ ይጨምራል። ኮች «ውሃ ነው» ይላል። እውነትም ውሃ ነው። እኔ ግን የጡንቻን ውሃ ይዤ ነፍሰ ጡር ላይ አፈሰስኩት።

ሰሞነ ሕማማት ገባ። ራሷን ያማት ነበር። የጾምና የስግደት ነው ተባለ። ረቡዕ ጤና ጣቢያ ቀጠሮ ነበራት። «ከፋሲካ በኋላ ልሂድ፣ አሁን አቅም የለኝም» አለች። እኔ እሺ አልኩ። ማን ነኝ እኔ እሺ የምለው? ግን አልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። «ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል» አለችኝ። «የእኔ ብየዳ ነው፣ መነጽር አድርጊ» ብዬ ቀለድኩ። ሳቀች። ለእኔ ብላ ነው የሳቀችው።

በፋሲካ ጧት፣ ገና ሳንገድፍ፣ ተንቀጠቀጠች። ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ፤ ምላሷን ነከሰች። የጎረቤት ሚኒባስ ይዘን ወደ ደሴ ወጣን። ያን ዳገት በሕይወቴ መቶ ጊዜ ወጥቼዋለሁ፤ እንዲያ ረዝሞ አያውቅም። ሐረጎ ዳገት ላይ ሁለተኛ ተንቀጠቀጠች።

እናታችን ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቀችን። ሐኪሙ ግፊቷን ለካና ባልደረቦቹን ጠራ። መንቀጥቀጡን የሚያቆም መርፌ ሰጧት። ደም ወሰዱ። ከደሙ ውጤት አንዱ ኩላሊት የሚታይበት ቁጥር ነው፤ ከፍ ብሏል። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ።

«የምትወስደው መድኃኒት፣ ባህላዊም ቢሆን፣ ሌላም ነገር ቢሆን፣ አለ?»

እናቴ አጠገቤ ቆማለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታየኛለች።

«ምንም» አልኩ።

ልጁን በኦፕራሲዮን አወጡት። ትንሽ ነበር፤ ግን አለቀሰ። እህቴ አልነቃችም። በሦስተኛው ቀን ሞተች። አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሷል አሉ። የእርግዝና የደም ግፊት ነው አሉ። በፋሲካ ሳምንት ቀበርናት። በዚያ ሳምንት ሙሾ የለም ይላሉ፤ ሰው ግን አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ መንጋጋዬ ለቀናት አሞኛል።

ሕፃኑ ደሴ እናቴ ዘንድ ቀረ፤ እኔም ወደ ኮምቦልቻ አልተመለስኩም። አባቱ መጣ፣ አለቀሰ፣ ተመልሶ መኪናው ላይ ወጣ። የእናቴ ጎረቤት የሆነች፣ የስምንት ወር ልጅ የምታጠባ ሴት አለች፤ እትዬ እላታለሁ። ማንም ሳይጠይቃት መጣች። «የኔ ወተት ለሁለት ይበቃል፤ ከእንግዲህ የእኔም ልጅ ነው» አለች። ሐኪም ቤት ደሟን መረመሩና ፈቀዱላት። እናቴን «አብሽሪ፣ አላህ ያለው ነው» እያለች ሕፃኑን ስታጠባ እኔ ወደ ውጭ እወጣ ነበር። «አላህ ያለው ነው» ሲባል ያናድደኛል። ቄሱ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ሲሉም ያናድደኛል። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ጥፋቱን በእግዜር ላይ ጥሎ ንፍሮ በልቶ ሄደ። እኔም ዝም ብዬ እሱ ላይ ጣልኩት።

አርባዋ ደረሰ። የሕፃኑ ክርስትናም በዚያው ሳምንት ዋለ። ኮች ከኮምቦልቻ ድረስ መጣ። እኔ ውጭ የተዋስነውን አግዳሚ እቆጥር ስለነበር ከእናቴ ጋር ሲነጋገሩ አላየሁም። ከሁለት ቀን በኋላ መደርደሪያው ላይ አዲስ የፕላስቲክ ጣሳ አየሁ። ክዳኑ ተከፍቷል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ያ የስፖርት ልጅ ነው ያመጣው፣ እግዜር ይስጠው» አለች እናቴ። «ለምታጠባዋ ነው። ወተት ያጠነክራል አለኝ። እሷም ትናንትና ዛሬ ወሰደች።»

ጣሳውን አነሳሁ። ሙሉ ጣሳ በእጄ ይዤ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለእኛ ሁልጊዜ በፌስታል ነው የሚመጣው። ፌስታል ጀርባ የለውም። ጣሳው ጀርባ አለው። እንግሊዝኛዬ የአሥረኛ ክፍል ነው። ግን ይህን ለማንበብ አሥረኛ ክፍል ይበቃ ነበር። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆኑ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይውሰዱ ይላል። በጥቃቅን ፊደል፣ ከሥር። ቄሱ የተናገሩት ቃል ነው። ከእንግሊዝ አገር ይሁን ከቻይና አላውቅም፣ ቄሱ ያሉትን ጽፈው ልከውልኝ ኖሯል።

ሮጬ ኮምቦልቻ ወርጄ ኮችን መደብደብ ነበር የፈለግሁት። ያንን ማድረግ ይቻለኛል፤ ክንዴን ራሱ ነው ያሠራልኝ። ግን እቤት ያለው ሕፃን እየጠባ ነው። ያኔም እንኳ እውነቱን አልተናገርኩም። «ይሄ ቀኑ ያለፈበት ነው፣ አትውሰዱት» ብዬ ጣሳውን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ሆስፒታሉ ይዤ ሄድኩ። እህቴ ሳትነቃ በነበረችባቸው ቀናት እጇን ትይዝ የነበረች አዋላጅ አለች። እሷን ፈለግሁ።

«ሲስተር፣ ያስታውሱኛል?»

አየችኝ። «የፋሲካዋ ሴት ወንድም» አለች።

ሁሉንም ነገርኳት። ማንኪያውን፣ እብጠቱን፣ ቀጠሮውን፣ «ምንም» ያልኩትንም። ጣሳውን አገላብጣ አነበበች። እንደምትጮህብኝ ጠበቅሁ።

«ስለዚህ ዱቄት አላውቅም» አለች። «ላንብብ፣ ሐኪሞቹንም ልጠይቅ። ሐሙስ ና። እስከዚያ የምታጠባዋ እንዳትወስድ።»

አላውቅም አለች። እዚያው ወንበሩ ላይ ተናደድኩ፤ በእሷ አይደለም። አንድ ሰው ይህን ቃል ከአርባ ቀን በፊት፣ ከዘጠና ቀን በፊት ቢለኝ ኖሮ! እኔ ራሴ ብዬው ቢሆን ኖሮ!

ሐሙስ ሄድኩ። አዋላጇ በወረቀት ጽፋ ጠበቀችኝ፤ እያየች ተናገረች።

«ነገሩ መርዝ አይደለም። ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል፣ ጉበትና ኩላሊት። ከሥጋና ከዓሣም እናገኛለን። በማሕፀን ያለ ልጅም ይፈልገዋል፣ የእናት ወተት ውስጥም በተፈጥሮው ትንሽ አለ። ያ ኮች ያልከው በስልኩ ያሳየህም ውሸት አይደለም። እናቲቱ ስትወስደው ልጇ ሲወለድ ትንፋሽ ቢያጥረውም አንጎሉ ይጠበቅ እንደሆነ አይተዋል። ግን በአይጥ ነው ያዩት፣ በሰው አይደለም። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ገና መጠየቅ መጀመራቸው ነው። ስንት መጠን፣ በስንተኛው ወር፣ ለእናቲቱ ምን፣ ለልጁ ምን፣ መልስ የለም።»

«ለምታጠባስ?»

«እሱማ ከዚያም ያነሰ ነው የሚታወቀው። ዱቄቱ ወተቷ ውስጥ ይጨምር አይጨምር፣ ቢጨምር የሕፃን ኩላሊት ምን እንደሚያደርገው አይታወቅም። ጣሳው ውስጥ የተጻፈው ብቻ ስለመኖሩም ማን መረመረ? ይጎዳል የሚል ማስረጃ የለኝም። አይጎዳም የሚልም የለኝም። ካላወቅን ደግሞ የምንሞክረው በልጅ ላይ አይደለም። እንቁላል ትብላ፣ ምስር ትብላ፣ ካገኘች ሥጋ ትብላ። ሁለት ቀን ለወሰደችው አትደንግጡ፣ ጡቱንም አታስጥሉት። ሕፃኑን ብቻ ለሚዛን አምጡልኝ።»

ቀጥሎ የምጠይቀውን ታውቀዋለች። ሳልጠይቅ መለሰች።

«እህትህን ይህ ገደላት አልልህም። ይህ በሽታ ዱቄት አይተው የማያውቁ ሴቶችን ነው በየሳምንቱ የሚያመጣብን። የኩላሊቷን ቁጥር ዱቄቱም ትንሽ ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ብትነግረን ይህን እናስብ ነበር፤ ሕክምናው ግን ያው ነው የሚሆነው። የዱቄቱ ውሃ ግን ጡንቻ ውስጥ ነው የሚገባው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት። በአምስተኛው ሳምንት ፊት አያሳብጥም። እሱን ተሳስተሃል። በዚያ የተነሳ ስንት ቀን ነው የቆየችው?»

«ሁለት ሳምንት።»

ወረቀቱን አጠፈች። እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር።

ቤት ስገባ እትዬ ሕፃኑን ታጠባለች። አጠገቧ አንድ ብርጭቆ አብሽ አለ። ከሥሩ እንደ አሸዋ ነጭ ነገር ቀርቷል።

«እትዬ! አትውሰጂ አላልኩም?»

«እሱማ አሮጌው አይደል?» አለች። «ኧረ ወላሂ፣ ገና አዲስ እያለ ለራሴ በቢልቃጥ ቀድቼ ነበር። ሽታውም ምንም አልሆነ። ምን ያስጮህሃል፣ ልጁን ታስደነግጠዋለህ።»

ሁለት ቀን ያልነው ስድስት ቀን ሆኗል። እንደገና። ለእህቴ «ጠይቄያለሁ» አልኩ፣ ለሐኪሙ «ምንም» አልኩ፣ ለዚች ሴት «ቀኑ አልፎበታል» አልኩ። በኮች እናደዳለሁ፣ በጥቃቅኑ ፊደል እናደዳለሁ፣ በፌስታሉ እናደዳለሁ። ግን ውሸቱ ሦስቱም ጊዜ ከእኔ አፍ ነው የወጣው።

ብርጭቆውን አንስቼ ደጅ ደፋሁት። አዋላጇ ያለችኝን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ አይጡ፣ ስለ ወተቱ፣ ስለማይታወቀው፣ ስለ እንቁላሉና ስለ ሥጋውም። እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። እትዬ ጨርሳ ሰማችኝና ሕፃኑን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረች።

«ያ ረቢ! ለእህትህስ ይህን የነገራት አልነበረም?» አለች።

የጠየቀችው አውቃ አልነበረም። እንዲያው ወሬ ነው። እሷ ዱቄቱ ለእህቴ መሰጠቱን አታውቅም፤ ስለ እንቁላሉና ስለ ሥጋው ስትሰማ፣ እህቴ በጾም ደክማ መሞቷን ብቻ አስባ ነው።

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» አልኩ። «ሁዳዴን ሙሉ። ሥጋ የለውም ብዬ። ስታብጥም የዱቄቱ ውሃ ነው አልኳት።»

ሕፃኑ ሲጠባ ድምፁ ይሰማል። እናቴ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።

«ራሴን አመመኝ ስትል ነበርክ?» አለችኝ እናቴ።

«ነበርኩ።»

«ዓይኔን ስትል?»

«ነበርኩ። ቀለድኩ።»

እንድትመታኝ ጠበቅሁ። ወይም እንደ ሰው ሁሉ ፈቃዱ ነው ብላ እንድታልፈኝ። ሁለቱንም አላደረገችም። ሄዳ ሕፃኑን ከእትዬ ተቀበለች፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው፣ አስገሳችው። ከዚያ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። እስከዚያ ቀን ይዤው አላውቅም ነበር።

«ለሚዛን የምትወስደው አንተ ነህ» አለች። «በየቀጠሮው። ሲስተሯ ምን ሰጣችሁት ስትልህ ሁሉንም ትነግራታለህ። ስድስት ቀን ነው በላት፣ ሁለት አትበል።»

በማግስቱ በብርዱ አቅፌው ወጣሁ። አዋላጇ ሚዛኑ ላይ አስተኛችው፤ እግሩን እያወራጨ ጮኸ። ካርዱን አውጥታ ቀና ብላ አየችኝ።

«ስድስት ቀን ነው» አልኳት፣ ገና ሳትጠይቀኝ።